«ዲፕሎማ አለኝ» ስል ምን ሰሙ?

ስልኩ የተደወለው ከሥራ ስወጣ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት ለሂሳብ ክፍሉ ረዳት ይፈልግ ነበር፤ ማመልከቻ ልኬ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ ስሜን እንዴት እንደሚጠራ ጠየቀችኝ፣ ሁለቴ ሞከረችው። ከዚያ «ከሃይስኩል በኋላ የተማርሽው ነገር አለ?» አለችኝ።

«ዲፕሎማ አለኝ» አልኳት።

«አዎ፣ ዲፕሎማሽን አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሠራሁ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ እናሳውቅሻለን» አለችና ዘጋችው። ያሳወቀኝ ግን የለም።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ማታ ቡና እያፈላች ነገሩን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንቺ፣ እዚህ እኮ ዲፕሎማ ማለት አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ የሚሰጠው ወረቀት ነው!» አለችኝ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሂሳብ አያያዝ የተማርኩበትን ወረቀት ስጠራ፣ ሴትዮዋ የሰማችው «ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ» የሚል ነው። ሁለታችንም አንድ ቃል ተናገርን፣ ሁለት ነገር ተግባባን።

ደብዳቤዬን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ስለ ትምህርቴ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ (10+3)፣ 1999»። ይቺ መስመር ደሴ ውስጥ ለማንም ትገባለች። እዚህ ግን ሦስቱም ቁርጥራጭ ይሳሳታል። «ዲፕሎማ» ዝቅ ይላል። «10+3» የሂሳብ ስሌት ይመስላል። «1999»ን ያየ ደግሞ እኔን በስምንት ዓመት ያስረጀኛል።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ መስመር ብቻ የጻፍኩት ስለማላውቅ አልነበረም። አፍሬ ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው ያስታውሰዋል፤ አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። አንድ ዓመት የተማረ 10+1፣ ሁለት ዓመት 10+2፣ ሦስት ዓመት የተማረ 10+3 ይባል ነበር፤ ዲፕሎማ የሚባለው የመጨረሻው ነበር። በኋላ ሥርዓቱ ተቀይሮ ከደረጃ 1 እስከ 5 ሆነ፣ የብቃት ምዘናም መጣ። እኔ ግን የ10+3 ልጅ ነኝ። ሰው «ምን ተማርሽ?» ሲለኝ «ዲፕሎማ ብቻ ነው ያለኝ» እል ነበር። ያቺ «ብቻ» አብራኝ ውቅያኖስ ተሻገረች።

በዚያ ሰሞን አንድ የማከብራቸው አባት፣ እዚህ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ መፍትሔ ሰጡኝ። «ልጄ፣ አሶሽየት ዲግሪ ብለሽ ጻፊው። ማን ያጣራል? ያው ነው» አሉኝ። ለክፋት አይደለም፤ ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው። ማስታወቂያውም «ሃይስኩል ዲፕሎማ ግዴታ፣ አሶሽየት ዲግሪ ቢኖር ይመረጣል» ይል ስለነበር ነገሩ አጓጓኝ።

ወረቀት ላይ ቆጠርኩት። አሶሽየት ዲግሪ አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ላይ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፤ በድምሩ አሥራ አራት። የእኔ አሥር ላይ ሦስት፤ አሥራ ሦስት። በሙያው የተማርኩት ከእነሱ በዓመት ይበልጣል፣ በጠቅላላ ትምህርት ግን በሁለት ዓመት ያንሳል። «ያው» አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ማመልከቻው መጨረሻ ላይ «የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው» ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ ከተቀጠርሽ በኋላም ውሸት ሆኖ ከተገኘ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። አቻነቱን መወሰን የእኔ ሥራ አይደለም። ያንን በክፍያ የሚሠሩ የምስክር ወረቀት ገምጋሚ ድርጅቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ትራንስክሪፕት ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ እንዲላክላቸው ስለሚፈልጉ ግን ጊዜ ይወስዳል። ኮሌጅ ለመግባት ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ላይ ለመሥራት ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለዚያ አይሆንም፤ ደብዳቤ አይተካውም። ይሄኛው አሠሪ ግን ግምገማ አልጠየቀም። የጠየቀው «ይቺ ሰው ምን ያህል ታውቃለች?» የሚለውን ነው።

ስለዚህ አቻውን መፈለግ ትቼ የሆነውን መንገር ጀመርኩ። የወረቀቱን ስም እንዳለ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ ማን እንደሚገባበት፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚሠራበት። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«በሐምሌ 2007 ኢትዮጵያ ውስጥ ከመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አግኝቻለሁ። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሳይሆን፣ ከአሥር ዓመት መደበኛ ትምህርት በኋላ የሚሰጥ የሦስት ዓመት የሙሉ ጊዜ የሙያ ሥልጠና ነው፤ የሂሳብ መዝገብ አያያዝን፣ የደመወዝ ሥራን፣ ግብርንና በድርጅት ውስጥ የተግባር ልምምድን ያካትታል። ከዚያ በኋላ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ለስምንት ዓመታት የአቅራቢዎችን ክፍያ ሠርቻለሁ፤ በየወሩም የባንክ ሂሳብ አስታርቄያለሁ።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። መጀመሪያ የሠራሁት ረቂቅ ስለ አሥረኛ ክፍል ፈተና፣ ስለ መሰናዶ፣ ስለ ፖሊሲው ለውጥ አንድ ገጽ ይተርክ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አንብባ «የትምህርት ሚኒስቴር ሪፖርት ነው እንዴ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። አሠሪው የአገራችንን ሥርዓት ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ወረቀቱን ከየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጠው ካወቀ ይበቃዋል። «የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሳይሆን» የምትለዋ ሐረግ ግን አልተነካችም። ስህተቱ የት እንደሚፈጠር አንዴ ስልክ ላይ ሰምቻለሁና።

ሌላው ያስቸገረኝ ነገር ዓመተ ምሕረት ነው። ሁሉም ሰው «ስምንት ጨምሪ» ይላል። ሐምሌ 1999 ላይ ስምንት ስጨምር 2007 ሆነ፤ ልክ ነው። ሥራ የጀመርኩት መስከረም 2000 ነው፤ እሱም ላይ ስምንት ጨመርኩና መስከረም 2008 ብዬ ጻፍኩ። ከተመረቅሁ በሁለት ወር ውስጥ ሥራ የያዝኩት ሰውዬ ወረቀቱ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈት ሆንኩ! ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ የሚጨመረው ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከፈረንጅ ጥር ወዲህ ነው። ትክክለኛው መስከረም 2007 ነበር። ዋናው ዲፕሎማ ላይ የሰፈረው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ፣ ቅጂውን ስታያይዢ «ቀኑ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው» የምትል አንድ መስመር ጨምሪ። አለበለዚያ ደብዳቤሽና ወረቀትሽ እርስ በርስ ይወነጃጀላሉ።

ፒችትሪም ረድቶኛል። ፋብሪካው መጀመሪያ በእጅ ሌጀር ነበር የሚሠራው፣ ኋላ ወደ ፒችትሪ ገባ። ፒችትሪ የአሜሪካ ሶፍትዌር መሆኑን፣ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 መባሉንም ያወቅሁት እዚህ ነው። ደብዳቤው ላይ «ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው» ብዬ ጻፍኩ። ተጨማሪ እሴት ታክስና ከአቅራቢ ላይ እንቀንሰው የነበረውን 2 በመቶ ግን አወጣሁት፤ እዚህ ሥርዓቱ ሌላ ስለሆነ አንባቢውን ከማደናገር በቀር አይጠቅመኝም።

ደብዳቤ የማይደርስበት ቦታም አለ። ብዙ ድርጅት ማመልከቻ የሚቀበለው በኢንተርኔት ቅጽ ነው፤ «ከፍተኛ የትምህርት ደረጃ» ይልና ከዝርዝር ምረጪ ይላል። የሙያ ሥልጠና የሚል ካለ እሱን መረጥኩ። ከሌለ «ጥቂት ኮሌጅ፣ ዲግሪ የሌለው» የሚለውን እመርጥና ማብራሪያውን ደብዳቤው ላይ እተዋለሁ። ማስታወቂያው ባችለር ዲግሪ ግዴታ ካለ ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር አያሻግርም። እንደዚያ ያሉት ላይ ጊዜዬን ማባከን አቆምኩ።

ጀርመን ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግራት ግራ ገባት። «እዚህ እኮ ይሄንን ማስረዳት አያስፈልግሽም ነበር» አለችኝ። እዚያ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሦስት ዓመት ያህል ሙያ መሠልጠን የተለመደ የሕይወት መንገድ ነው፤ የሚያፍርበትም የለም። ወረቀቱን በይፋ ማስመዘን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ቅርጹን ያየ ጀርመናዊ ወዲያው ይገባዋል። ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። የእኔ ወረቀት ዝቅተኛም ከፍተኛም አይደለም፤ የአሜሪካ መደርደሪያ ላይ ቅርጹን የሚመስል ዕቃ ስለሌለ ነው።

አዲሱን ደብዳቤ ለአምስት ቦታ ላክሁ። ሁለቱ ጠሩኝ። አንደኛው ጋ ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰውዬ ስለ ዲፕሎማው ምንም አልጠየቀኝም፤ አንብቦ ገብቶታል ማለት ነው። የጠየቀኝ የባንክ መግለጫና የመዝገቡ ቀሪ ካልተገናኙ ከየት እንደምጀምር ነው። ያልተመነዘሩ ቼኮችን፣ ባንኩ የቆረጠውን አገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያ የተገለባበጡ አኃዞችን ብዬ ነገርኩት። ልዩነቱ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ከተካፈለ አኃዝ ተገለባብጦ ሊሆን እንደሚችል ስነግረው ፈገግ አለ። ይህን ያስተማረችን መምህርት ኮሌጃችን ውስጥ ጠመኔ ይዛ የቆመችበት ቦታ እስካሁን ይታየኛል። የሙከራ ጊዜ ሦስት ወር ብሎ ቀጠረኝ።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ የራሱን ደብዳቤ ላከልኝ። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ደረጃ 4፣ የብቃት ምዘና ያለፈ። «እቴ፣ እይልኝ እስኪ፤ ደረጃ 4 ብቻ ነው ያለኝ» ይላል መልእክቱ። ሥራ የጀመረው መስከረም 2009 ነው፤ ደብዳቤው ላይ ግን መስከረም 2017 ብሎ ጽፎታል።

«አንድ ዓመት በልተሃል፤ 2016 ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «‹ብቻ›ዋንም አውጣት። ከዚያ ደረጃ 4 ምን እንደሆነ በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገራቸው።»