«ከራሱ ላይ ቀንሱልኝ» በሏቸው

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትጽፉልኝ ግማሹ አንድ ጥያቄ ነው፦ «መምህር፣ ዩቲዩብ ላይክ እያደረጉ የሚከፈልበት ሥራ እውነት ነው?» እዚህ ኪሌሌሽዋ የምትኖር አንዲት እህታችን የቴሌግራም ጽሑፏን ከላይ እስከ ታች አስነብባኛለች። ስሜን ሳትጠራ ጻፈው ብላኛለች።

መጀመሪያ ሦስት ቪዲዮ ላይክ አደረገች፤ 150 ሽልንግ በኤም-ፔሳ ገባላት። እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ መንጠቆው ላይ ያለው ትል እሱ ነው። ቀጥሎ «ቅድመ ክፍያ ያለው ሥራ» ተባለና 1,000 ላከች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 1,300 ተመለሰላት። ግሩፑ ውስጥም ደረሰኝ እየለጠፉ «ተመስገን፣ ወጣልኝ» የሚሉ ሞልተዋል (አብዛኞቹ የራሳቸው ሰዎች ናቸው)። በሦስተኛው 5,000 ላከች። ገጹ ላይ 6,500 አሳያት፤ አውጣ የሚለውን ስትጫን ግን «መጀመሪያ 2,000 ግብር ክፈይ» አላት።

እኔ ዘንድ የመጣችው ያኔ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልኳት፦ «ግብሩን ካለኝ ላይ ቀንሳችሁ 4,500 ላኩልኝ።» ሲስተሙ አይፈቅድም አሏት፣ ደግማ ስትጠይቅ ከግሩፑ አስወጧት። የማይቀነሰው 6,500 የሚባል ገንዘብ ስለሌለ ነው። እነሱ ስክሪን ላይ የጻፉት ቁጥር ነው እንጂ። ቀደም ብሎ ያገኘችው ሲቀነስ 4,550 ሽልንግ ሄዷል፤ 2,000ው ግን ተረፈ።

ተማሪዎቼን እንደማሠራው እናስላ። 1,000 ሽልንግ በየቀኑ 30 በመቶ ቢያድግ በ20 ቀን ከ190,000 ያልፋል። እንዲህ የሚያተርፍ ሰው የእናንተን 1,000 ምን ያደርግለታል? ለቀደመው የሚከፈለው ከኋላ ከመጣው ኪስ ነው፤ አዲስ ሰው ሲያልቅ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚሁ ኬንያ «አማዞን ዌብ ወርከር» የተባለው መተግበሪያ የታላቁን ኩባንያ ስም ተውሶ፣ ገንዘብ አስገብቶ ቀላል ሥራ ለሠራ ኮሚሽን እሰጣለሁ ሲል ቆይቶ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ እንደያዘ ጠፍቷል።

ሌላ የምታዩት፣ ኤም-ፔሳ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል። የእህታችን ሦስት... ይቅርታ፣ ሁለት ክፍያዎች ለሁለት የተለያዩ ግለሰቦች ነበር የሄዱት። ኩባንያ ነኝ የሚል ለምን በየጊዜው በሌላ ሰው ስም ይቀበላል?

የላካችሁ ካላችሁ የኤም-ፔሳውን መልእክት ወዲያው ወደ 456 አስተላልፉ። ተቀባዩ አውጥቶት ከሆነ መመለሱ ይከብዳል፣ ስለዚህ በደቂቃዎች ውስጥ ይሁን። ከዚያ በኋላ «የተበላብህን ገንዘብ አስመልሳለሁ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» የሚል ሰው ይመጣል። እሱንም ከራሱ ላይ ቀንስ በሉት።