ከአቦል በፊት ሁለት ደቂቃ

ውድ አንባቢያን፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ እንግዶች ቤታችሁ ጠርታችሁ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስኒውን ብቻ ሲያይ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተጨንቄ አውቃለሁ። ጭንቀቱንም ያመጣሁት ራሴ ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር በብልባላ ተቀምጠን ነበር። ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የላስታ ከተማ ናት። ለሥራ የሚመደቡ መምህራን፣ ነርሶችና የግብርና ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ከመሥሪያ ቤታቸው ሰው በቀር ግን ብዙም ሰው አያውቁም። እኛም እነዚህን ሰዎች ቡና ጠርተን ለማስተዋወቅ አሰብን።

በመጀመሪያው ቀን እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ብድግ ብዬ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። አንዱን “በጣም ጎበዝ ባለሙያ” አልኩ፤ ለቀጣዩ የምለው ጠፋኝ። ወጣቷ መምህርት ጋ ስደርስ ደግሞ ጨዋታ መስሎኝ፣ “ይህቺ ልጃችን ገና አላገባችም፤ ወንድሞች አደራ!” አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እርሷ አቀረቀረች፤ ቶናው ሳይቀዳም “ሥራ አለብኝ” ብላ ወጣች።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። “እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ላስተምር ነው” አለችኝ። “ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ የሚያነሣብኝ ስለ ትዳር ነው። የማስተምረውን ትምህርት እንኳ የጠየቀኝ የለም።” ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አስተናጋጅ አንድን ሰው ሲያስተዋውቅ የሚሰጠው ስም ከቤቱ ወጥቶ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ሰዎች በኋላ የሚያነሡት አስተናጋጁ በሰጣቸው መነሻ ነው።

ለሁለተኛው ቡና ስድስት ሰዎች ጠራን፤ መምህርቷም ለመምጣት እሺ አለችኝ። ከሁለት ቀን በፊት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። በምን ስም ልጥራችሁ? አሁን የያዛችሁት ሥራ ምንድን ነው? ከሌላ ሰው ልታገኙት የምትፈልጉት ምክር ወይም እርዳታ አለ? በመጨረሻም፣ ሰው ፊት እንዳላነሣው የምትፈልጉት ነገር አለ? ጥያቄዎቹ ትንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድ የጤና ባለሙያ “ዶክተር አትበሉኝ፤ ዶክተር አይደለሁም” ብሎ እንግዳ ፊት ከመታረም ያድናሉ።

ሌላም የሰማሁት ነገር ነበር። ከተጠሩት አንዱ ለጎረቤታችን “የፓስተር ቤት ነው፤ ስብከት ይኖር ይሆን?” ብሎ ነበር። እንግዶቻችን አብዛኞቹ ኦርቶዶክሳውያን ነበሩ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አንድ ሰው ለምን እንደተጠራ እየተጠራጠረ ከጎኑ ካለው ጋር አይጫወትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህን ጥርጣሬ እንዲያነሣ ወሰንኩ። ቀኑንም ቅዳሜ አደረግሁት፤ ከቡናው ጋር የቀረበው ቆሎና ቅቤ ያልነካው ዳቦ ነበር።

ጀበናው እሳት ላይ ሲጣድ ብድግ አልኩ። ስኒ ከታደለ በኋላ ቢሆን ግማሹ ሰው ስኒውን ይጠብቃል እንጂ አይሰማም። ያልኩት ይህን ነው፤ ስሞቹን ብቻ ትቻለሁ።

“እንኳን ደህና መጣችሁ። የጠራናችሁ ቡና እንድንጠጣና እንድንተዋወቅ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም የለንም። ሳይመሽ፣ 12 ሰዓት ላይ እንለያያለን። ጋሼ እገሌ ንብ አናቢ ናቸው፤ ዘንድሮ ንቦቻቸው ከቀፎው ደጃፍ ወድቀው ስለሚያገኟቸው ምክንያቱን እየፈለጉ ነው። አቶ እገሌ የሰብል ባለሙያ ናቸው፤ ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው፤ ገበሬውን ስለ ተባይ መድኃኒት ርጭት ያስተምራሉ። መምህርት እገሊት ሳይንስ ያስተምራሉ፤ ከተማሪዎቻቸው ዓይናቸውን የሚያማቸው ስላሉ የሚያማክራቸው ይፈልጋሉ። ሲስተር እገሊት በጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው፤ በዚህ ሰሞን የያዙት የትራኮማ ሥራ ነው። አቶ እገሌ የውሃ ባለሙያ ናቸው፤ የተበላሹ ፓምፖችን ይጠግናሉ። አቶ እገሌ አስጎብኚ ናቸው፤ ከላሊበላ እንግዶችን ወደ ብልባላ ጊዮርጊስና ወደ ብልባላ ቂርቆስ ያመጣሉ፤ እንግዶቹም በጊዮርጊስ ግድግዳ ስለሚኖሩት ንቦች ሳይጠይቋቸው አይመለሱም። ቡናው ሊቀዳ ነው፤ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተጫወቱ።”

ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ጀበናው ሳይገነፍል ተቀመጥኩ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ማንንም አላሞገስኩም። የትውልድ አገራቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ትዳራቸውን አላነሣሁም። በዕድሜ የሚያንሱኝንም ሁሉ “ናቸው” አልኩ፤ ምክንያቱም አንዱን አንቱ፣ ሌላውን አንተ ብል ማን ከማን እንደሚበልጥ ያወጅሁ ይመስላል። በላስታ ደንብ ታላቁን ሰው አስቀደምኩ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ ለጭንቀታቸው መልስ ሊኖረው የሚችለውን ሰው አመጣሁ። መምህርቷንና ነርሷን፣ ከእነርሱም ቀጥሎ የውሃ ባለሙያውን ያከታተልኳቸው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሲቀመጡም እንዲሁ እንዲጎራበቱ ዱካዎቹን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር።

ስሕተት አልጠፋም። የውሃ ባለሙያው ጋ ስደርስ ስማቸው ከአፌ ጠፋ። በግምት ከመጥራት ይልቅ “ስምዎን ከራስዎ አፍ እንስማ” አልኳቸው፤ ፈገግ ብለው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ስሞችን በትንሽ ወረቀት እጄ ላይ እይዛለሁ።

አቦሉ ሳያልቅ ጋሼ ወደ ሰብል ባለሙያው ዞሩ። “ልጄ፣ መድኃኒቱን የሚረጩት በስንት ሰዓት ነው?” አሏቸው። “ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው” አሉ ባለሙያው፤ ወዲያውም ነገሩ ገባቸው። ንብ አበባ ላይ የምትውለው በዚያው ሰዓት ነው። ሰብል ሲያብብ መርጨት ንቧን ይጎዳል፤ መርጨት ግድ ከሆነም ንቦቹ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ወደ ማታ ይሻላል። ሁለቱ የርጭቱ ቀን ለንብ አናቢዎች አስቀድሞ እንዲነገር ተስማሙ። በሌላው ወገን መምህርቷና ነርሷ ስለ ልጆቹ ዓይን ይነጋገሩ ነበር። ነርሷ ትራኮማን ለመከላከል ፊት መታጠብ እንደሚረዳ ስትናገር መምህርቷ “ትምህርት ቤቱ ፓምፑ ተበላሽቷል እኮ” አለች። የውሃ ባለሙያው ይህን ሰምተው ዱካቸውን ወደ እነርሱ ሳቡ።

ንግግራችሁ መሥራቱን በዚህ ታውቃላችሁ። ቶናው ሲቀዳ ሁሉም አሁንም የሚያናግረው እናንተን ብቻ ከሆነ አላገናኛችኋቸውም። ዱካ ከቦታው ከተነሣ ግን የእናንተ ሥራ አልቋል፤ ዝም በሉ። ይህ መንገድ እስከ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ድረስ ይሠራል። ከዚያ ሲበዛ ስሙ ሁሉ ይምታታል፤ ያን ጊዜ ሰዎቹን በሦስት በሦስት አስቀምጦ፣ በየምድቡ ዞሮ ማስተዋወቅ ይሻላል።

መምህርቷ በዚያን ቀን እስከ በረካ ቆየች። ስትወጣ በር ላይ ይዛኝ፣ “እትዬ፣ ዛሬ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ” አለችኝ።

ውድ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንግዶችሽን ስታስተዋውቂ፣ ስለ እያንዳንዳቸው የምትናገሪውን አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድመሽ ከራሳቸው ጠይቂያለሽ?