ለሐረሩ ሸሪፍ ሙዚየም፦ ስለ አንድ የሠርግ ፎቶ

ይህን ደብዳቤ ወደ ሐረር ከላክሁት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በጀመዓችን የሐረር ልጆች ስላላችሁ፣ የቤታችሁ ትልልቅ ሰዎች ቢያውቁልኝ ብዬ እዚህም አወጣሁት። የሰዎቹን ስምና ፎቶውን ግን ትቻለሁ፤ የሴትየዋን ፊት ያለ ቤተሰቧ ፈቃድ ማሰራጨት አልወደድሁም። ማየት የፈለገ ከጁምዓ በኋላ ያግኘኝ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፤

አያቴ ላንቻ በሚገኘው ቤታቸው ወደ አኺራ ከሄዱ አራት ወር ሆነ። ልብሳቸውን ለሰደቃ ስንለይ፣ በሣጥናቸው ግርጌ ከኪታቦቻቸው መሀል አንድ የሠርግ ፎቶ አገኘን። ከሙሽራይቱ ጎን የቆመው ወጣት እሳቸው እንደሆኑ ማንም አልተጠራጠረም። ሴቷ አያቴ ግን ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «እኔ አይደለሁም» ብለው መለሱልኝ።

በጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በዐረብኛ፣ «14 ሸዋል 1382» ተብሎ ተጽፏል። አጎቴ ቁጥሩን የኛ ዘመን መስሎት «ያኔማ ካሜራ የት ነበር!» ብሎ ሳቀ። በሂጅራ ስንቆጥረው ግን መጋቢት 1 ቀን 1955 ዓ.ም. ላይ ያርፋል፤ ጨረቃዋ በታየችበት ሌሊት ምክንያት አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። በእጅ ጽሑፍ የዐረብኛው 2 እና 3 የሚለያዩት በአንዲት ጥርስ ብቻ ስለሆነ 1383 ሆኖ ቢነበብም 1956 ዓ.ም. ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። አያቶቼ የተጋቡት በ1962 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በየትኛውም ንባብ ፎቶው ይቀድማል።

የሚያስጨንቀን የት እንደተነሣ ነው። አያቴ ሐረር ተወልደው፣ ከ1940ው የኩሉብ እንቅስቃሴ በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ከአባታቸው ጋር በልጅነታቸው እንደመጡ ነግረውናል። ተመልሰው ሐረር እንደኖሩ ግን አንድም ቀን አላነሡም።

ፎቶው የስቱዲዮ ማኅተም የለውም። ወረቀቱ ጠርዙ የተሸረካከተ፣ በጀርባው የአግፋ ምልክት ያለበት ነው፤ ይህ ዘመኑን ይደግፋል እንጂ ቦታውን አይናገርም፣ ወረቀቱ በየከተማው ይሸጥ ነበርና። ከሙሽሮቹ ኋላ ግድግዳው ላይ የሐረር ሰፌዶች ተደርድረዋል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «ሐረር ነው» ብሎ ደመደመ። እኔ ግን አልረካሁም። ሰፌድ ተጠቅልሎ በመኪና ይመጣል፤ እኛም ላንቻ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከሙሽራይቱ ቀሚስ ጀርባ ደረጃ የመሰለ ጠርዝ አለ፤ ከታች ዝቅ ያለ፣ ከበላዩ ደግሞ ሌላ ከፍ ያለ መደብ። ይህ የጌይ ጋር ነደባ ይመስለኛል። ነደባ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚገነባ ስለሆነ እንደ ሰፌድ አይጓዝም። በእርግጥ አዲስ አበባም ውስጥ አንድ ሐረሪ በቤቱ ሊያሠራው ይችላል፤ እናንተን የምጠይቀውም ለዚሁ ነው።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከላይኛው ነደባ በስተቀኝ በግድግዳው ውስጥ ሁለት እኩል ያልሆኑ የዕቃ ጉድጓዶች ይታያሉ። በስብስባችሁ ውስጥ ይህንኑ ግድግዳ የሚያሳይ ሌላ የሠርግ ፎቶ ካለ ብታነጻጽሩልን፤ ሰው በስድሳ ዓመት ይለወጣል፣ ጉድጓድ ግን ካልተደፈነ ባለበት ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱን ወይም ሙሽራይቱን የሚያውቁ እናቶች ካሉ ብታሳዩልን። ኦሪጅናሉን አልላክሁም፤ ፊቱንና ጀርባውን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጌ አያይዣለሁ። የእርሳሱ ጽሑፍ ስለደበዘዘ ጀርባውን ከጎን ባትሪ አብርቼ በድጋሚ አንስቼዋለሁ፤ እርሳሱ የጫነበት ቦታ ጥላ ስለሚይዝ ከስካኑ ይልቅ በዚህኛው ይነበባል።

ለምን እንዳስቸኮለን ልንገራችሁ። አያቴ ያወረሱት ያንን ቤት ነው። ዕዳቸው ተከፍሏል፣ ኑዛዜ የለም፤ ወራሾቹ ሴቷ አያቴ፣ አባቴና አክስቴ ብቻ ናቸው ብለን ነበር። ያቺ ሴት ተፈትታ ወይም ቀድማቸው ሞታ ከሆነ እሷ አትወርስም። ልጅ ወልዳላቸው ከሆነ ግን ልጁ እንደ አባቴ ወራሽ ነው። የሴቷ አያቴ ስምንተኛ አይነካም፤ ቀሪው ግን ዛሬ ለሦስት የሚከፈለው፣ ወንድ ልጅ ካለ ለአምስት ይከፈላል። ቤተሰቡ ውስጥ «የሞተ ነገር አትቀስቅስ» የሚሉኝ አሉ። አባቴ ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን ቀጠሮ እንዲራዘም ጠይቋል፤ «የማላውቀው ወንድም ካለኝ ድርሻውን በልቼ አላድርም» ብሏል።

እኔን ደግሞ ሴቷ አያቴ በየቀኑ «መልስ መጣ?» ይሉኛል። መልሱ «አላገኘንም» ቢሆንም እንኳ እንድትጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም