ከስሙ ሥር ያለው ቁጥር

የቤተሰባችን ግሩፕ ውስጥ ያለነው ሰዎች አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ዱባይና ቨርጂኒያ ተበትነናል። ስልኮቻችንም እንደኛው የተለያዩ ናቸው። ባለፈው ዓመት ለአያታችን የዓይን ሞራ ሕክምና ገንዘብ ስናዋጣ፣ ደሴ ያለችው ታላቅ አክስቴ «እስካሁን ማን ምን ሰጠ?» ብላ ጻፈች። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነው የአጎቴ ልጅ ከላፕቶፑ መለሰላት። ስሞቹን ቀይሬያቸዋለሁ እንጂ መልሱ እሱ ዘንድ እንዲህ ነበር የሚታየው፦

```
አልማዝ   ደረጀ    ሰናይት   ሙሉ
500    2,000   3,000   5,000
```

ስሞቹ ከላይ፣ ገንዘቡ ከሥር፤ በስፔስ እየገፋ አስተካክሎታል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን አክስቴ «አይ ሙሉ! ለገዛ እናትህ አምስት መቶ ብር?» አለች። ቨርጂኒያ ያለው ጋሽ ሙሉ በታብሌት ነው የሚያነበው፤ «እትዬ፣ ደህና አድርገሽ እዪው እንጂ» አላት። «እያየሁት ነው!» አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። የቤተሰብ ዝምታ ደግሞ ከስድብ ይከብዳል።

ሁለቱንም ስክሪንሹት እንዲልኩልኝ ጠየቅኳቸው። የጋሽ ሙሉ ልክ እንደ ላፕቶፑ ነበር። አክስቴ ትንሽ ስልክ ነው ያላት፤ መነጽር ላለመፈለግ ብላም ፊደሉን አተልቃዋለች። የእሷ እንዲህ ነበር፦

```
አልማዝ   ደረጀ   ሰናይት
ሙሉ
500   2,000   3,000
5,000
```

ሙሉ ከሚለው ሥር ያለው 500 ነው። 5,000 ደግሞ ባለቤት አልባ ሆኖ ታች ቀርቷል። 500 የሰጠችው ገና ተማሪ የሆነችው አልማዝ ናት። አክስቴ አልተሳሳተችም፤ ፊቷ ያለውን በትክክል ነው ያነበበችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሴጅ ስንልክ የምንልከው የተደረደሩ ቁጥሮችን እንጂ ምስል አይደለም። የኛ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ተሰጠው፤ «ሙሉ» ማለት U+1219 እና U+1209 ነው። ስፔስም የራሱ ቁጥር አለው፣ አዲስ መስመርም እንዲሁ። «ይሄ ቁጥር ከዚያ ስም ሥር ይቀመጥ» የሚል ግን ሜሴጁ ውስጥ የትም የለም። የትኛው ከየትኛው ሥር እንደሚውል የሚወስነው የተቀባዩ ስልክ ነው፤ ፎንቱ፣ የፊደሉ ትልቀትና የስክሪኑ ስፋት። መስመሩ አልበቃ ሲለው ስልኩ ስፔስ ያገኘበት ላይ ቆርጦ ወደ ታች ያወርደዋል። ዘመዴ አምስት ስፔስ ሲጨምር ሥርዓት ያስያዘው የራሱን ስክሪን ብቻ ነው።

ፕሮግራመር ጓደኞቼ ቶሎ የሚያቀርቡት መፍትሔ ሞኖስፔስ ነው፤ ጽሑፉን በሦስት ሦስት ባክቲክ ማቀፍ። ቴሌግራምም ዋትሳፕም ይቀበሉታል። ሐሳቡ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ይይዛል የሚል ነው። ለእንግሊዝኛ ይሠራል። ለአማርኛ ግን ችግር አለው፦ የኮድ ፎንቶች አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ስልኩ ከሌላ ፎንት ይበደራል። የተበደረው ፊደል ስፋት ከቁጥሮቹ ስፋት ጋር አይገጥምም፤ ዓምዱም ቀስ በቀስ እየሸሸ ይሄዳል። ቢገጥም እንኳ በጠባብ ስክሪን ላይ መስመሩ መቆረጡ አይቀርም።

ፎቶ አድርጎ መላክስ? ቦታው አይናወጥም፤ እሱ እውነት ነው። ግን ፊደል ያተለቀ ሰው ፎቶው ላይ ፊደሉ አይተልቅለትም፣ በጣቱ እየዘረጋና እየጎተተ ማንበብ አለበት። ዓይነ ስውር ሆኖ ስልኩ እንዲያነብለት ለሚያደርግ ዘመድም ፎቶው ውስጥ ያለው ስምና ቁጥር ላይደርሰው ይችላል። ከወር በኋላ «ሙሉ» ብለህ ብትፈልግም አታገኘውም።

የአጎቴ ልጅ በመጨረሻ የላከው ይሄን ነው፦

```
አልማዝ፦ 500 ብር
ደረጀ፦ 2,000 ብር
ሰናይት፦ 3,000 ብር
ሙሉ፦ 5,000 ብር
```

አያምርም፣ ቦታም ይፈጃል። ነገር ግን ስሙና ገንዘቡ የተያያዙት በቅደም ተከተል ነው፤ ሜሴጁ ሳይዛባ የሚያደርሰው ደግሞ ቅደም ተከተልን ነው። መስመሩ ቢቆረጥም 5,000 ከሙሉ በኋላ እንጂ ከአልማዝ በኋላ አይመጣም። አክስቴ አየችውና «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ስልኬ ነው» አለች። ስልኳም ጥፋት እንዳልነበረበት አላስረዳኋትም።

ከመላክ በፊት ለመፈተን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስልኩን ወደ ጎን ማዞር ነው፤ ሲዞር ትርጉሙ ከተለወጠ፣ ሌላ ሰው ስልክ ላይም ይለወጣል። ሁለተኛው ሜሴጁን ለሰው በስልክ እንደምታነብ አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። «አልማዝ፣ ደረጀ፣ ሰናይት፣ ሙሉ፣ አምስት መቶ፣ ሁለት ሺህ…» እያልክ ስታነብ የሚሰማህ ሰው «ቆይ፣ የማን ነው?» ካለህ፣ አትላከው።