ሳልደውል የሚቆረጠው 2 ብር

ሞያሌ ውስጥ ስልኬን ካርድ በሞላሁት ማግስት ሒሳቡ ሳልደውል ይጎድላል። ወደ ድርጅቱ ብደውል "ኢንተርኔት ተጠቅመሽ ይሆናል" አሉኝ። ስለዚህ በጽሑፍ ለማመልከት ወሰንኩና አራት ሌሊት መዘገብኩ። ማታ ዳታ አጥፍቼ ቀሪ ሒሳቤን አያለሁ፤ ጠዋት ስልኩን ሳልጠቀምበት ደግሜ አያለሁ። በአራቱም ሌሊት የጎደለው እኩል 2 ብር ነው።

ነገሩን የሚለየው ይህ እኩልነት ነው። የኢንተርኔትም ሆነ የድንበር ማዶ ኔትወርክ ክፍያ እንደ አጠቃቀማችን ይለያያል። በየቀኑ እኩል የሚቆረጠው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጥቅስ ወይም የስፖርት ዜና ያለ፣ በአጭር ቁጥር የሚላክ መልእክት ክፍያ ነው።

ደብዳቤዬ ላይ "ብሬ ጠፋ" ብቻ ብዬ አልተውኩትም። ስልክ ቁጥሬን፣ ቀኖቹን፣ የማታና የጠዋቱን ሒሳብ ጻፍኩ። ከዚያም ጠየቅኩ፦ የተቆረጠው በየትኛው አገልግሎት ስም ነው? መቼና በምን ፈቃዴ ተመዘገብኩ? አገልግሎቱ ይሰረዝልኝ፤ ገንዘቤም ይመለስልኝ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ በእኔ ቅጂ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደረግሁ።

የዕለት ጥቅስ አገልግሎት ሆኖ ተገኘ። የተስማማሁበትን ማስረጃ ስላላገኙ ሰርዘው የ30 ቀኑን 60 ብር መለሱልኝ፤ ከዚያ በፊት የተቆረጠውን ግን አልመለሱም።

ነጋዴ ወዳጆቼ፣ ወደ አጭር ቁጥሩ "STOP" ብሎ መላክ ቆረጣውን ሊያስቆም ይችላል፤ የተወሰደውን ግን አያስመልስም። ከመላካችሁ በፊት መልእክቱንና ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።