ደባልህ ኪራይ ሲያጎድል



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትጽፉልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ወረቀትና ስለ ሦስተኛ አገር ከሚነሱት ባልተናነሰ የበዙት ስለ ደባል ናቸው። «አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሦስት ወር ሙሉ አልከፈለኝም፣ እንዴት ልንገረው?»፣ «ጓደኛዬ ሰሃን አታጥብም፣ ብናገራት ትቀየመኛለች» የሚሉ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እኔ በኖርኩበት ላስረዳ። ልጁን አስፈቅጄዋለሁ፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጠራ» ብሎኛል።

የምንኖረው እዚሁ ጁባ፣ ጀበል ኩጁር ስር ነው። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ። ኪራዩ በወር 100 ዶላር ነው፤ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን ለባለቤቷ ለማማ ይከፈላል። ድርሻችን እኩል 50 ነው፤ የውል ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን የእኔ ብቻ ነው። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ስማችሁ ብቻ ውሉ ላይ ካለ ደባላችሁ ያጎደለውን ባለቤቷ የምትጠይቀው እናንተን ነው። እኔ በትምህርት ቤት ደመወዝ፣ ያውም እሱም ሲዘገይ፣ የሁለት ሰው ኪራይ መሸፈን አልችልም። ካልሸፈንኩ ደግሞ ሁለታችንም እንወጣለን። በስደት አገር ቤት ማጣት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ጉድለቱ የጀመረው በ2024 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ነው። በዚያ ወር 35 ሰጠኝ፣ 15 ቀረ። በኦክቶበር 25 ሰጠኝ፣ 25 ቀረ። «ወንድሜ፣ የቀረችዋን አትርሳ» ስለው «ችግር የለም፣ ነገ» ይላል። በኖቬምበር ምንም አልሰጠኝም፤ ሙሉውን 50 ሸፈንኩ። ድምሩ 90 ዶላር ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ትንሽ ልበል። እኛ አበሾች ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍረናል ይባላል፤ እኔ ግን በሙሉ አልቀበለውም። እቁብ ውስጥ የሚያፍር ሰው አይቼ አላውቅም። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ «ዋስ ጥራ» ስለተባለም ማንም አይቀየምም። ጥያቄው ከሰውየው ፊት ሳይሆን ከደብተሩ ስለሚነሳ ነው። ቤታችን ውስጥ የጎደለው ያ ደብተር ነበር። ስለዚህ የ50 ገጽ ደብተር ገዛሁና ቀን፣ ማን እንዳወጣ፣ ለምን፣ ስንት ብዬ አሰመርኩ። እሱ ያወጣውንም እኩል ጻፍኩ። በኦክቶበር አንድ ጆንያ ከሰል በ20 ዶላር ገዝቶ ነበር፤ ግማሹ የእኔ ዕዳ ነው፣ 10። ይህን መጻፌ በኋላ ነገሩን ሁሉ አዳነው።

ቀጥሎ ቀን መረጥኩ። እሱ የሚሠራው ማታ ማታ ሬስቶራንት ውስጥ ነው፤ እኩለ ሌሊት አልፎ ደክሞት ይገባል። በዚያ ሰዓት ሒሳብ ማንሳት ጠብ መፈለግ ነው። ሰው ፊት፣ በተለይ ማማ ፊት፣ አይነሳም። ማዕድ ላይም አይነሳም፤ የጎረሰውን የቆጠራችሁበት ይመስለዋል። የዕረፍት ቀኑ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ፣ የቤቱን ሒሳብ አብረን የምናይበት ግማሽ ሰዓት እፈልጋለሁ። ነገ ከምሳ በኋላ ይመችሃል?» አስቀድሜ የነገርኩት አስቦ እንዲመጣ ብዬ ነው። ድንገት የተያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መካድ ነው።

እሑድ ደብተሩን መሃላችን አስቀምጬ ቁጥሩን ብቻ ተናገርኩ። «ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ካንተ ድርሻ 90 ዶላር እኔ ሸፍኛለሁ። ከዚህ በላይ መሸፈን አልችልም። እንዴት እንደምንዘጋው ዛሬ እንስማማ።» «ሁልጊዜ አንተ»፣ «አንተ እኮ» የሚሉ ቃላት ከአፌ አልወጡም። «ሁልጊዜ» ካላችሁ የከፈለበትን አንድ ወር ያመጣና ክርክሩ ወደዚያ ይሄዳል።

ፊቱ ተለወጠ። «ለ90 ዶላር ብለህ ደብተር ያዝክብኝ? ወንድም መስለኸኝ ነበር» አለኝ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፤ ወይ «ተወው በቃ» ይላል፣ ወይ ድምፁን ያነሳል። እኔ ደብተሩን ወደ እሱ አዞርኩት። «የእኔም ዕዳ አለበት፣ እየው» አልኩት። የከሰሉን 10 ዶላር ሲያይ ዝም አለ። እሱ ረስቶታል። «እንግዲያው 80 ነው» አልኩት፤ በእጁ ደምሮ ቀንሶ አየ።

ከዚያ ነው እውነቱ የወጣው። አገር ቤት እናቱ ታማለች፣ በየወሩ ይልክላታል፤ አሠሪውም ደመወዙን ሦስት ሳምንት እያሳለፈ ነው የሚሰጠው። አዘንኩ፣ ደግሞም አመንኩት። ያዘንኩት ግን ዕዳውን ልሰርዝለት አይደለም። «እናትህን አትርዳ የምልህ ሰው አይደለሁም። ግን ሳትነግረኝ ስትልክ የላክነው ሁለታችን ነን፣ እኔ ደግሞ የምልክላቸው የራሴ ሰዎች አሉኝ» አልኩት። ይህን በዝግታ፣ በቀስታ ነው የተናገርኩት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

አከፋፈሉን በዚያው ሰዓት ጨረስን። እኔ በወር 20 አልኩ፣ እሱ 10 አለ፣ በ16 ተስማማን። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል፣ አምስት ወር፣ 80 ዶላር። የወሩ 50 ይቀድማል፣ 16ቱ ከእሱ በኋላ ነው፤ የድሮውን እየከፈለ አዲስ ዕዳ ከቆለለ ምንም አልተዘጋም።

ስለ ምንዛሬው ደግሞ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የደቡብ ሱዳን ነዳጅ በሱዳን አልፎ ወደብ የሚደርስበት ቧንቧ በ2024 መጀመሪያ ላይ ከተበላሸ ወዲህ ፓውንዱ እንዴት እንደወረደ ታውቃላችሁ። እሱ ደመወዙ በፓውንድ ስለሆነ «በሴፕቴምበር ምንዛሬ ልክፈልህ» አለ። ለማስረዳት ቀላል ቁጥር ወሰድኩ፦ አንድ ዶላር 4,000 ፓውንድ ቢሆን 16 ዶላር 64,000 ፓውንድ ነው። ዶላሩ 5,000 ሲገባ ያው 64,000 የሚገዛው 12 ዶላር ከ80 ሳንቲም ብቻ ነው። የቀረውን ማን ይከፍለዋል? ማማ የምትቀበለው ዶላር ነው። ስለዚህ ዕዳው በዶላር ይጻፋል፣ በሚከፈልበት ቀን የገበያ ምንዛሬ ይመነዘራል ብለን ሁለታችንም ፈረምን።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ከበደኝም፤ ግን ተናገርኩት። «የወሩ 50 ሁለት ጊዜ ከጎደለ ሌላ ደባል ለመፈለግ እገደዳለሁ። አንድ ወር አስቀድሜ እነግርሃለሁ። ዛሬ የምነግርህ ያን ጊዜ እንዳይደንቅህ ነው።» ማስፈራሪያ አይመስለኝም፤ ማስፈራሪያ የሚሆነው «ፖሊስ እጠራብሃለሁ»፣ «ወረቀትህን አውቃለሁ» ሲባል ነው። ወገኖቼ፣ ይህን በምንም ተናዳችሁ አታድርጉት። ስደተኛ በስደተኛ ላይ የሰነዱን ነገር ካነሳ በኋላ አብሮ መኖር የለም። አንዷ እህት ደግሞ «ለቤተሰቦቿ ልደውልባት?» ብላኛለች። ታማ የተኛች እናት ሰምታ ምን ታደርጋለች? ከማፈርና ከመጨነቅ በቀር። ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ ሽማግሌ ደብተር ሲያይ ሥራው ይቀልለታል።

የቤት ሥራውን ነገር በዚያ እሑድ አላነሳሁም፤ ሆን ብዬ ነው። ገንዘብና ሰሃን አንድ ላይ ሲነሱ ሰውየው ራሱን እንደ ተከሳሽ ያየዋል። በሳምንቱ አነሳሁት። ዋናው ውሃ ነበር። በርሜላችን 200 ሊትር ይይዛል፤ ሁለታችን በቀን ወደ 40 ሊትር እንጠቀማለን፣ በአምስት ቀን ያልቃል። የውሃ ቦቴው የሚያልፈው በማለዳ ነው፤ እሱ ያኔ እንቅልፍ ላይ ነው። «ያለቀበት ሰው ያስሞላ» የሚለው ደንባችን የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያልቀው የነቃው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ውሃ ማስሞላቱ የእኔ ሆነ፣ ዋጋው የሁለታችን። ሰሃን፣ ወለልና በየሳምንቱ ቅዳሜ የሽንት ቤት ተራችን የእሱ ሆኑ። «ቤቱን እንጠብቅ» የሚል ስምምነት አንድ ሳምንት አይቆይም። «ሰሃን ወደ ሥራ ከመውጣትህ በፊት ይታጠባል» የሚለው ግን ታጥቧል ወይ አልታጠበም ነው፣ ክርክር የለውም። ሁለቴ ሳይታጠብ ሲሄድ እኔ አላጠብኩለትም፤ ሲመለስ «ሰሃኑ ይጠብቅሃል» አልኩት፣ ያለ ፌዝ።

ዲሴምበርና ጃንዋሪ በቀኑ ከፈለ። ከዚያ በጃንዋሪ 2025 አጋማሽ በከተማው ረብሻ ተነስቶ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ፌስቡክም ለቀናት የተዘጋበት ሰሞን ነው፣ ታስታውሳላችሁ። ማታ የሚሠራ ሬስቶራንት በሰዓት እላፊ ምን ይሠራል? ደመወዙ ተቆረጠ። ፌብሩዋሪ ሳይገባ ራሱ ደብተሩን ይዞ መጣ፦ «50ውን አለኝ፣ ከ16ቱ ግን 6 ብቻ ነው ያለኝ።» የቀረውን 10 ወደ ሜይ አዛወርን፣ ፈረመ። የተቸገረና ቸል የሚል ሰው የሚለዩት እዚህ ጋ ነው፤ የተቸገረው ከቀኑ በፊት ይነግራችኋል፣ የሌላው ወሬ ከቀኑ በኋላ፣ ያውም ስትጠይቁት ይመጣል።

የመጨረሻዋን 10 ዶላር በሜይ ሰጠኝ፤ ገጹ ላይ ሰረዝ አሰመርንበት። የውሃው ነገር ግን ገና አልተቋጨም። ዝናቡ ሲበረታ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ቦቴው እኛ ግቢ ድረስ አይገባም፣ ጀሪካን ተሸክሞ ማምጣት ይመጣል። ያንን ብቻዬን አልችለውም ብዬዋለሁ፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ቀጠሮ ይዘናል።

ቸር ሰንብቱ።