የፈቃድ ማመልከቻ አቤቱታ አይደለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

አማኑኤል፣ ቢቸናና ሞጣ ላይ አማርኛ ያስተማርኳችሁ ልጆች ዛሬም ድረስ «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ማመልከቻ እይልኝ» እያላችሁ ትልኩልኛላችሁ። ደስ ይለኛል። የሥራ ማመልከቻ፣ የዝውውር ጥያቄ፣ የዕድገት ቅሬታ፣ ያላየሁት የለም። ሰሞኑን ግን አንድ ዓይነት ደብዳቤ በዛብኝ። ሥራው ያዛለው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ጠዋት ቢሮ በር ላይ ሲደርስ እግሩ አልገባ የሚለው ሰው የሚጽፈው የዕረፍት ጥያቄ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ከሚያስፈልገው በላይ ይናገራሉ።

የአንዷን ልንገራችሁ። ፈቅዳልኛለች፤ ሰው እንዳይለያትም አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ።

ልጅቷ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የግብር ማሳወቂያ አለ። ሁለት ሰው የለቀቀበትን ሥራ ብቻዋን ይዛ ከርማለች። በኋላ ሌሊት እየተነሳች የዘጋችውን ሂሳብ መልሳ መደመር ጀመረች። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እሷ ግን አታምነውም። እህቷ እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረላትና የ21 ቀን ዕረፍት ጻፈላት።

ማመልከቻዋ ሁለት ገጽ ነበር። ከልጅነቷ ይጀምራል ብል አላጋነንኩም። የአባቷ ሞት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ አለቃዋ በስብሰባ ላይ የተናገሯት አለ፣ ማታ ማታ የምታስበው ነገር ሳይቀር አለ። መዝጊያው «ችግሬን ተረድታችሁ እንደ እናትና እንደ አባት እንድታዩልኝ» ይላል።

ይሄ አጻጻፍ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ አገር ማመልከቻ የተማርነው ከራፖር ጸሐፊ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ሰውዬ በደሉን ከሥር ከመሠረቱ ይዘረዝረዋል፤ የዳኛን ልብ ማራራት አለበታ። ያ አቤቱታ ነው፤ ለቦታው ትክክል ነው። የሕመም ፈቃድ ግን ማንም እንዲራራልሽ አይጠብቅም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ታሞ መሥራት ካልቻለ ተቀባይነት ያለው የሕክምና ማስረጃ ሲያቀርብ ፈቃዱ ይሰጠዋል። የሚፈለገው ማስረጃው ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ለአለቃ ማስረዳት በአንቀጹ ውስጥ የለም። (የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው፤ ቀኑና ክፍያው ይለያል። የደብዳቤው ነገር ግን ያው ነው።)

ለምን ትንሽ ተናገሪ እንደምል ለማየት ደብዳቤው የሚሄድበትን መንገድ አስቡት። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል፤ እዚያ ያለው ልጅ አንብቦ ርዕሱን በገቢ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ ጸሐፊዋ ጋ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ ጠርዙ ላይ «ይታይ» ብለው ይመሩታል። የሰው ሀብት ኃላፊው ያነቡታል፣ ለደመወዝ ሲባል ግልባጩ ፋይናንስ ይደርሳል፣ በመጨረሻ የግል ማህደር ውስጥ ተበስቶ ይታሰራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ለዕድገት ስትወዳደሪ ያንን ማህደር የሚገልጠው ሰው ዛሬ ድርጅቱ ውስጥ ያልተቀጠረ ሊሆን ይችላል። ያቺ ልጅ ለእናቷ ያልነገረችውን ነገር ለመዝገብ ቤት ልትነግር ነበር።

አብረን ያወጣነው ይሄ ነው፤

«ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድ ስለመጠየቅ

በድርጅቱ የሂሳብ ሠራተኛ መሆኔ ይታወቃል። ባጋጠመኝ የጤና እክል ምክንያት ሕክምና እየተከታተልኩ ሲሆን፣ ሐኪም ከጥቅምት 4 ጀምሮ የ21 ቀን ዕረፍት እንዳደርግ አዝዞልኛል። የሕክምና ማስረጃውን 1 ገጽ አባሪ አድርጌ አቅርቤያለሁ። በእጄ ያሉትን ሥራዎች ዝርዝርና ፋይሎች ለቅርብ ኃላፊዬ አስረክቤያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሕመም ፈቃዱ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

አለቀ። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። «ቲቸር፣ ደረቅ አልሆነም?» አለችኝ። እንዲደርቅ ነው የምንፈልገው። ደረቅ ደብዳቤ ሐሜት አይወጣውም።

«የጤና እክል» የሚለውን ቃል ወደድ አድርጌ ነው የመረጥኩት። እውነት ነው፤ ከእውነቱ ላይ ግን ምንም አይዘረዝርም። «የአእምሮ» ወይም «የጭንቀት» የሚል ቃል ከገባ መዝገብ ቤት ሳያልፍ ስም ይሆናል። በሌላ በኩል ብዙ ሰው የሚያደርገውን አትድገሙ፤ «ጨጓራ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» እያሉ መጻፍ። አባሪው ወረቀት ሌላ ከተናገረ እውነተኛው ሕመምሽ ውሸት ይመስላል። አለመናገርና መዋሸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «በርንአውት ላይ ነኝ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባው 11ኛ እትም በርንአውትን ያስቀመጠው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው እንጂ በሽታ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን ደብዳቤ ላይ ካስቀመጣችሁት አለቃችሁ «ማን ያልደከመው አለ?» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ፈቃድ የሚያስገኘው ድካሙ ያስከተለውን፣ እንቅልፍ ማጣቱንም ይሁን ጭንቀቱን ወይም ድባቴውን፣ ሐኪም መርምሮ «መሥራት አትችልም» ሲል ነው። ሐኪም ጋ ገና ያልደረሰ ሰው የዓመት ፈቃዱን ሊጠቀም ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ምክንያትም አያስጽፍም። ግን አሠሪው ሥራ በዛ ብሎ ሊያስተላልፈው ይችላል። ሂሳብ በሚዘጋበት ወቅት የሂሳብ ሠራተኛ ዓመት ፈቃድ ጠይቃ ምን እንደምትባል መገመት ቀላል ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነውና። ደብዳቤውን እንዲህ ጠበቅ አድርጋችሁ ጽፋችሁ አባሪው ሁሉን ሊዘረግፈው ይችላል። ብዙ የሐኪም ፈቃድ ወረቀት ላይ የምርመራ ውጤት የሚጻፍበት መስመር አለ። ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ሐኪሙን «ይሄ ለመሥሪያ ቤት ነው የሚገባው፣ የዕረፍቱን ቀንና ሕክምና ላይ መሆኔን ብቻ ቢጽፉልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ከማስቀየር ቀድሞ መናገር ይሻላል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታልና ጥያቄው እንግዳ አይሆንባቸውም።

ማኅተሙም ራሱ ይናገራል። እኛ የምሥራቅ ጎጃም አማኑኤል ልጆች ይሄን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ላይ «የት ተወለድክ?» ሲሉህ «አማኑኤል» ብለህ መልስ፤ ሰውዬው ፈገግታውን መደበቅ አይችልም። በጣሊያን ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል አንጋፋ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ስሙ በሰው አፍ ላይ ስድብ ሆኗል። በእሱ ማኅተም የመጣ ወረቀት በሽታ ባይጻፍበትም ተነቧል ማለት ነው። የአእምሮ ሕክምና በጠቅላላ ሆስፒታሎች ውስጥም ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ዘውዲቱ አለ፣ እኛ ጋ ደብረ ማርቆስ ሪፈራል አለ። ምርጫ ያለው ሰው ይሄን አስቦ ቢሄድ አልፈርድበትም። ምርጫ የሌለው፣ ወይም አማኑኤል የሚያክመው ሐኪም የተስማማው፣ ለማኅተም ሲል ሕክምናውን እንዳይቀይር እለምናለሁ። ወረቀቱን በታሸገ ፖስታ አድርጎ በቀጥታ ለሰው ሀብት ኃላፊው ሰጥቶ፣ ማመልከቻው ላይ «ማስረጃው በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው ደርሷል» ብሎ መጻፍ ይችላል።

የእኛዋ ልጅ ወረቀቱን ከጠቅላላ ሆስፒታል ነበር ያመጣችው። ሁሉ ነገር አለቀ ስንል የድርጅቱ የፈቃድ ፎርም መጣ፤ «በፈቃድ ላይ የሚገኙበት አድራሻ» የሚል መስመር አለው። ለዕረፍት የምትሄደው እናቷ ጋ ነው፤ እናቷ ያሉት አማኑኤል ነው! ስልክ ላይ ሆነን ሁለታችንም ሳቅን። ከወራት በኋላ ሳቋን የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ምሥራቅ ጎጃም» ብለን አለፍነው።

ጥየቃም አለ። እኛ አገር አንድ ሰው ከታመመ ቢሮው ብር አዋጥቶ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ቤቱ ይመጣል። ፍቅር ነው፤ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ይላል። መልስ ሳይዙ መገኘት ከባድ ነው። እሷ ያዘጋጀችው «ሐኪም እረፊ ብሎኛል፤ ክብሩ ይስጥልን፣ እየተሻለኝ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛ ሲጠይቋት ያንኑ ትደግመዋለች። ሦስተኛ የጠየቃት አልነበረም።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አንቀጽ 85 የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፣ ማሳወቅ የማይችልበት ሁኔታ ከሌለ በቀር። ደብዳቤ መጻፍ ያቃተው ሰው በቤተሰብ በኩል ስልክ ያስደውል፤ ወረቀቱ ይከተላል። በተለይ የመኖር ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ደብዳቤ ሲያሳምር መዋል የለበትም። ያን ቀን ሐኪም ቤት ይቅደም።

21 ቀኑ ሲያልቅ ሐኪሟ ሌላ 21 ጨመረላት። እዚህ ላይ ሂሳቡን የሠራችው ራሷ ናት፣ ሙያዋ አይደል። በአንቀጽ 86 የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለክፍያ። በ12 ወር ውስጥ ጠቅላላው ከ6 ወር አይበልጥም፣ ተከታትሎም ቢወሰድ ተቆራርጦ። ስለዚህ ከ42 ቀኗ 30ው በሙሉ፣ 12ቱ በግማሽ ክፍያ። ይሄን አስቀድማ ስላወቀች የኅዳር ኪራይዋን ከእህቷ ተበድራ ጠበቀች። የማራዘሚያው ማመልከቻ አራት መስመር ነበር።

ኅዳር 16 ሥራ ገባች። አለቃዋ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው ቁልፍ ሰጧት። ከለቀቁት ሁለት ሰዎች በአንዱ ቦታ ሰው ተቀጥሯል፤ የሌላው ክፍት እንደሆነ ነው። እሱን በተመለከተ ሌላ ደብዳቤ እየጻፍን ነው፤ ያኛው ግን አቤቱታ ነው፣ ገጹ ይበዛል።